«ማንም አይሰማም» ከሚል ቃል ተጠንቀቁ

ለአዘጋጁ፣

ስለ ሥራ ቦታ ትንኮሳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሠራተኞች ዝም እንዳይሉ የሚመክር ነው። አቤቱታው ከቀረበ በኋላ የሚሆነውን ግን «ጉዳዩ በአጣሪ ኮሚቴ ይመረመራል» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። እኔ በእንዲህ ያሉ ኮሚቴዎች ውስጥ ለዓመታት ቃል ስቀበል ኖሬአለሁ፤ ብዙ አቤቱታ ሲበላሽ ያየሁትም እዚያው ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። የመጀመሪያዋ አቤት ባይ በሩን ዘግታ ከተቀመጠች በኋላ «ይህን ሌላ ሰው ይሰማዋል?» አለችኝ። እኔም ላጽናናት ብዬ «ከእኔና ከአንቺ በቀር ማንም አይሰማም» አልኳት። ቃሌ ሦስት ቀን እንኳን አልቆየም። አቤቱታ የቀረበበት ሰው መልስ ይስጥ ከተባለ መቼ፣ የት፣ ምን አደረግህ እንደተባለ ማወቅ አለበት፤ ይህን ሲያውቅ ደግሞ ማን እንደከሰሰው ያውቃል። እርሷ ጉዳዩ ለእርሱ መነገሩን ያወቀችው ከእኔ ሳይሆን የእርሱን ፊት አይታ ነበር። በማግስቱ አቤቱታዋን አነሳች። ከዚያ ወዲህ የምለው ይህን ነው፦ «ነገሩን ለማጣራት የግድ ማወቅ ያለባቸው ሰዎች ያውቁታል፤ እነማን እንደሆኑና መቼ እንደምነግራቸው አስቀድሜ አስታውቅሻለሁ።» እንደ ፊተኛው ባያጽናናም ልጠብቀው የምችለው ቃል ነው።

ምስጢር መጠበቅ ሲባል በተቃራኒው የሚያጠፉም አሉ። አቤት ባይዋን «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለው ሐኪም፣ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር እንዳታማክር የሚያስፈራሯት አለቆች አጋጥመውኛል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው 190ኛው ስምምነት በአንቀጽ 10 ላይ የሰዎቹ ግላዊነትና ምስጢር በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ይልና፣ ይኸው ግዴታ ያላግባብ መጠቀሚያ እንዳይሆን ጨምሮ ያስጠነቅቃል። ምስጢሩ የሚጠበቀው ለሰዎቹ እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ ስም አይደለም።

አሁን አንድ ጉዳይ ላሳያችሁ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። አንዲት ሠራተኛ የክፍል ኃላፊዋ ሐሙስ ከስብሰባ በኋላ በፎቶ ኮፒ ክፍል ውስጥ ወገቧን እንደያዛት፣ ማታ ማታ ያልተገቡ መልእክቶች እንደሚልክላት፣ ከወራት በፊትም በመኪና ውስጥ የሚያሳፍር ነገር እንደተናገራት አመለከተች። በኮሪደሩ ላይ የነበረ አንድ የሥራ ባልደረባ ለምስክርነት ተጠራ።

አንደኛው የኮሚቴ አባል ሊጠይቅ ያዘጋጀው ጥያቄ «ኃላፊው እርሷን ሲነካት አይተሃል?» የሚል ነበር። ይህች አንዲት ጥያቄ ማን እንደከሰሰ፣ ማን እንደተከሰሰ፣ በምን እንደተከሰሰና ኮሚቴው ምን መስማት እንደሚፈልግ በአንድ ጊዜ ትናገራለች። እኛ ጥያቄውን ለውጠን «ሐሙስ ከስብሰባው በኋላ የት ነበርክ? ማንን አየህ? ከዚያስ?» አልነው። ሰውየው ሲነካት አላየም። ያየው እርሷ ከፎቶ ኮፒ ክፍሉ ብቻዋን ወጥታ በፍጥነት ስትሄድ፣ ትንሽ ቆይቶም ኃላፊው ወረቀቶቿን ይዞ ሲወጣ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ኃላፊው ግን ከዚህ በኋላ ቃሉን ሲሰጥ «እየተሳሳቅን አብረን ወጣን» አለ። ወረቀቶቹ ለምን በእርሱ እጅ እንደነበሩ ሲጠየቅ ደህና መልስ አልነበረውም።

ይህ ማስረጃ ግን በጸሐፊያችን ብዕር ሊጠፋብን ነበር። ረቂቁ ቃለ ጉባኤ «ምስክሩ አቤት ባይዋ ደንግጣ መውጣቷን አረጋግጧል» ይላል። ምስክሩ «ደንግጣ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ «በፍጥነት ሄደች፣ ሰላም ስላት አልመለሰችልኝም» ነው ያለው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ውሳኔው ይግባኝ ቢባልበትና ምስክሩ «ደንግጣ ነበር ብለሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ «አላልኩም» ይላል፤ ያኔ የወረቀቶቹ ነገርም አብሮ ይጠረጠራል። ስለዚህ የተባለው እንደተባለ፣ የታየው እንደታየ ይጻፋል። አንድ ሰው ሲናገር ካለቀሰ «አለቀሰች» ተብሎ ይጻፍ፤ «እውነተኛ መሆኗ ያስታውቃል» ማለት የጸሐፊ ሥራ አይደለም። ቃሉ ለሰጪው ይነበብለታል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርማል። ስሕተት ካለ ስርዝ ድልዝ አይደረግም፤ የቀድሞው ቃል እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ አጠገቡ ይታረምና ይፈረምበታል። በእጅ የተያዘው ማስታወሻም በኮምፒውተር ከተገለበጠ በኋላ አይጣልም።

መልእክቶቹን ይዛ የመጣችው በወረቀት አሳትማ ነበር፤ ሦስት መልእክት፣ ከላይም ከታችም የተቆረጠ። ስልኳን ከፍታ ሙሉውን ምልልስ ከነቀኑና ከነሰዓቱ እንድታሳየን ጠየቅናት። ለአንዱ መልእክት «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መልሳለች። ያፈረች መሰለች። ይህን ከእርሷ አፍ ቀድመን መስማታችን ጠቀመን፤ «በማግስቱ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው እርሱ ነበር» አለችን፤ ቀኑን ከአፈጻጸም ቅጹ ጋር ስናመሳክረው ልክ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው በኋላ ያንን መልስ እንደ ትልቅ ማስረጃ ሲያቀርበው ጉዳዩ ከነማብራሪያው በመዝገቡ ላይ ነበር።

ለእርሱም የሚገባውን አደረግን። የቀረቡበት ነጥቦች ከቀን፣ ከቦታና ከተባለው ቃል ጋር በጽሑፍ ተሰጡት፤ ለመዘጋጀት ጊዜ አገኘ፤ የጠራቸውን ሁለት ምስክሮች ሁለቱንም ሰማን። ጥፋቱ ግልጽ ነው ብለው የተከሳሹን ምስክር የሚዘሉ ኮሚቴዎች ራሳቸው የሠሩትን ያፈርሳሉ። እስኪጣራ ድረስም የተዛወረው የእርሷ ወንበር ሳይሆን የእርሱ የቅርብ አለቅነት ነው፤ ሥራዋን ሌላ ኃላፊ እንዲከታተል ተደረገ። «ለደኅንነትሽ» ተብላ ወደ ሌላ ክፍል የምትላክ ሠራተኛ ተቀጥታለች፤ ይህንንም ባልደረቦቿ ሁሉ ያነቡታል።

ሪፖርቱ ሦስቱን ነጥቦች ለየብቻ መዘነ። የአስተዳደር ምርመራ እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ ሁሉ የጸዳ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ሆነ ከሚለውና አልሆነም ከሚለው የትኛው ያመዝናል ብሎ ይጠይቃል። የፎቶ ኮፒ ክፍሉና የመልእክቶቹ ጉዳይ ተረጋገጡ። የመኪናውን ግን ያየ የለም፣ የተጻፈም የለም፣ የሁለቱም ቃል እኩል ቆመ። አንድ የኮሚቴ አባል «ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ጽፎ ነበር። ረጅም ክርክር ካደረግን በኋላ «ለመወሰን በቂ ማስረጃ አልተገኘም፤ ይህም ነገሩ አልተፈጸመም ማለት አይደለም» በሚል ተተካ።

ውጤቱን ልነግራት ስጠራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሦስተኛው ነው። «ዋሽታለች ተብሎ ተጽፏል?» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩን አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩላት።

አንድ አንባቢያችሁ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)