በውጤት ወረቀታችሁ ላይ «የታዩ መዛነፎች» የሚለው ክፍል ለምን አይሰረዝም?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የኮንክሪት ኪዩብ ለምርመራ የምታስገቡ ብዙዎቻችሁ ውጤቱን ከተረከባችሁ በኋላ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ «ቁጥሩን ተቀብለነዋል፤ ከግርጌው ያለውን ማስታወሻ ግን ብታወጡት ምን አለበት?» ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባናል። አማካሪ መሐንዲሱ «መዛነፍ» የሚል ቃል ካየ ሥራው ሁሉ የተበላሸ ሊመስለው ይችላል ብላችሁ ትሰጋላችሁ። እኛ ግን ማስታወሻውን አናወጣም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ብናስረዳችሁ ይሻላል።

ከአንድ የኮንክሪት ሙሌት ሦስት ኪዩቦች መጡ እንበል፤ ጎናቸው 150 ሚሊ ሜትር፣ ዕድሜያቸው ሦስት ቀን ነው፤ የሚጨመቁት በ28 ቀናቸው ነው። ከኮንክሪቱ የሚጠበቀው የኪዩብ ጥንካሬ 30 ሜጋ ፓስካል ነው። ገና በር ላይ እያሉ 417-ሀ፣ 417-ለ እና 417-ሐ የሚል የራሳችንን መለያ ቁጥር እንሰጣቸዋለን፤ ከጎኑም እናንተ የጻፋችሁት ምልክት እንዳለ ይገለበጣል። ሁለቱም የሚያስፈልጉት የእናንተ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በእስክሪብቶ ወይም በኖራ ስለሚጻፍና በውሃ ገንዳ ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ስለሚለቅ ነው። የለቀቀ ምልክት ያለበትን ኪዩብ «ይህ የምሰሶው መሆን አለበት» ብሎ መገመት ለእኛ አይፈቀድም። ግምት ከገባበት ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ቁጥር የማን እንደሆነ አይታወቅም።

በርክክቡ ጊዜ የሐ አንድ ጠርዝ ተሸርፎ ተገኘ። መዝጋቢያችን የተሸረፈውን ቦታ ለክቶ ጻፈ፣ ፎቶ አነሳ፣ ደንበኛውንም ደውሎ ጠየቀ። ደንበኛው «ፈትሹልኝ» አለ። አይኤስኦ 17025 የተባለው የላቦራቶሪዎች ደረጃ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ናሙናው ጉድለት እንዳለበት እየታወቀ ደንበኛው ይፈተሽ ካለ፣ ውጤቱ በዚያ ጉድለት ሊነካ እንደሚችል ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስታወሻ ኪዩቡ ገና ሳይጨመቅ ተጽፏል ማለት ነው።

ሁለተኛው ማስታወሻ የእኛ የቤት ጉዳይ ነው። ኪዩቦቹ የሚቆዩበት ውሃ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቢበዛ ሁለት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ መሆን አለበት። በዘጠነኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ውሃው ለ11 ሰዓት ያህል እስከ 16.8 ዲግሪ ወረደ። የቴርሞሜትሩ መዝገብ ይህን ያሳያል፤ እኛም ጻፍነው።

ከዚያ ፈተናው ደረሰ። ኪዩቦቹ ተለኩ፣ ተመዘኑ፣ በማሽኑ ላይ ተቀመጡ። የተቀመጡትም ሲሞሉ በማንኪያ የተስተካከለው ፊታቸው ወደ ጎን ሆኖ ነው፤ ያ ፊት እንደ ሞልዱ ግድግዳ ልሙጥ ስላልሆነ ጭነቱ በእሱ በኩል አይገባም። ጭነቱ በሰከንድ 0.6 ሜጋ ፓስካል እየጨመረ ሄደ። ሀ በ712 ኪሎ ኒውተን ተሰበረ። የተጫነበት ስፋት 150.1 በ149.8፣ ማለትም 22,485 ካሬ ሚሊ ሜትር በመሆኑ ጥንካሬው 31.7 ሜጋ ፓስካል ነው። ለ 31.0 ሰጠ። ሐ በ571 ኪሎ ኒውተን ተሰብሮ 25.4 ብቻ ሰጠ።

የሦስቱ አማካይ 29.4 ነው፤ ከሚፈለገው በታች። ሐ ከወጣ ደግሞ የሁለቱ አማካይ 31.3 ይሆናል። «ሐን ተዉት» ወይም «ማስታወሻውን አጥፉት» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ሰው በአንድ ስልክ ሲጠይቀንም ሰምተናል። ልብ በሉ፦ ሁለተኛው ከተፈጸመ የመጀመሪያው ፈጽሞ አይቻልም።

ኢኤን 206 የተባለው የኮንክሪት ደረጃ እንደሚለው፣ ከአንድ ናሙና በተሠሩ ኪዩቦች መካከል በትልቁና በትንሹ ውጤት መሀል ያለው ርቀት ከአማካዩ 15 በመቶ ከበለጠ ውጤቶቹ ሁሉ ይተዋሉ። ከዚህ የሚተርፉት ምርመራ ተደርጎ አንዱን ቁጥር ለመጣል በቂ ምክንያት ሲገኝ ነው። በምሳሌያችን ርቀቱ 21 በመቶ ደርሷል። ምርመራው ታዲያ በምን ይካሄዳል? ኪዩቦቹ ተሰባብረዋል፤ የቀረው መዝገቡ ብቻ ነው።

መዝገቡን እናንብበው። የውሃው መቀዝቀዝ የሲሚንቶውን መጠንከር ሊያዘገይ ይችላል፤ ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ገንዳ ውስጥ ነበሩና ሐ ብቻውን ዝቅ ያለበትን ምክንያት አያስረዳም። የጭነቱ ፍጥነት ለሦስቱም ተመሳሳይ ነው፤ ማሽኑም አንድ ነው። የአሰባበሩ መልክ ግን ይለያያል። ሀ እና ለ በአራቱም ጎን እኩል ተሰንጥቀው፣ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ፒራሚዶች የመሰለ እምብርት ትተዋል። ሐ በተሸረፈው ጠርዝ በኩል ፈንድቶ ተቃራኒው ጎኑ ሳይሰነጠቅ ቀርቷል፤ ይህ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉን ያሳያል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። ጠርዙ የተሸረፈው ኮንክሪቱ በደንብ ስላልተጠቀጠቀና ውስጡ ባዶ ስለነበረ ቢሆንስ? ያን ጊዜ 25.4 የኪዩቡ አሠራር እውነተኛ ውጤት ነው። ክብደቱ የተመዘገበው ለዚህ ነው። ሀ 8.11 ኪሎ ግራም፣ ለ 8.09፣ ሐ 8.04 ነው። ልዩነቱ ከተሸረፈው ቁራጭ ጋር ይመጣጠናል፤ ስለዚህ የመጠቅጠቅ ችግር አይመስልም። ሐ 7.8 ኪሎ ብቻ ቢመዝን ኖሮ የምንጽፈው ሌላ ይሆን ነበር።

እንዲህም ሆኖ ሐን ራሳችን አንጥለውም። ሦስቱንም ቁጥሮች ከነማስታወሻቸው እንሰጣችኋለን፤ መጣል አለመጣሉን የሚወስነው መሐንዲሳችሁ ነው። ማስታወሻው በእጁ ከሌለ የሚወስንበት ነገር የለውም፤ የሚያየው አንድ ደካማ ቁጥር ብቻ ነው።

በሪፖርቱ ላይ የማሽኑ መለያና የካሊብሬሽን ሰርተፍኬቱ ቁጥር የሚጻፈውም ለዚሁ ነው። ማሽኑ ነገ ሲመረመር ከልኩ ወጥቶ ቢገኝ፣ ካለፈው ካሊብሬሽን ወዲህ በእሱ የተሰበሩትን ናሙናዎች ሁሉ ለቅመን ባለቤቶቻቸውን መጥራት እንችላለን። እርማትም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። በመዝገባችን ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ አንድ መስመር ተሰርዞበት፣ የቀድሞው እንደተነበበ፣ አዲሱ ከአራሚው ፊርማና ከቀኑ ጋር ከጎኑ ይጻፋል። የተሻሻለ ሪፖርት ከወጣም የትኛውን እንደሚተካ በላዩ ይገለጻል።

ከእናንተ የምንለምነው ጥቂት ነው። ምልክቱን ውሃ በማይለቀው ቀለም፣ በማንኪያ በተስተካከለው ፊት ላይ ጻፉ። የተሞላበትን ቀንና ሰዓት፣ ከሞልድ የወጣበትን ቀን፣ እስከዚያም የት እንደቆየ በማስረከቢያው ቅጽ ላይ አስፍሩ፤ ኪዩቡ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሆነውን ማወቅ የምንችለው ከእናንተ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ የተሸረፈ ካለ ደግሞ ሳትደብቁ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪው የጥራት ክፍል