ለግብሩ ማስታወቂያ የምትመልሺው

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቤትሽ ኪራይ የግብር ውሳኔ ጥር 6 በእጄ ደርሷል። የ2016 ግብርሽ 34,500 ብር ነው ይላል። ስታይው እንዳትደነግጪ፤ በግምት የተሠራ ነው። ሐምሌ ላይ ገቢውን ማሳወቅ ነበረብን፣ አላሳወቅንም። ለመዘግየቱ ቅጣት አለው፣ እሱን እንከፍላለን። ግምቱን ግን ዝም ብለን አንቀበልም።

በወር 25,000 ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ተከራይቷል ብለው 300,000 ብር አስበዋል። የሂሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ሕጉ ለጥገናና ለእርጅና ግማሹን ይቀንስለታል። በቀረው 150,000 ላይ ነው 34,500 ያሉት። ስሌቱ ልክ ነው፣ መነሻው ነው የተሳሳተ። ኪራዩ 15,000 ነበር፤ ቤቱም ከኅዳር እስከ የካቲት ባዶ ነበር። የስምንት ወሩ 120,000 ነው፣ ግማሹ 60,000፣ ግብሩም 8,370 ብር ይሆናል።

ይህን በወሬ አያምኑም። ውሉን፣ ኪራዩ የገባበትን የባንክ ማስረጃና የአራቱን ወር የመብራት ቢል አዘጋጅቻለሁ። ቢሎቹ ላይ የቆጣሪው ንባብ ከወር ወር ያው ነው፣ አንድም ቁጥር አልጨመረም። ቤቱ ሰው እንዳልነበረበት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ቅሬታ የሚገባው ማስታወቂያው ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የሚቆጠረው አንቺ ካነበብሽበት ሳይሆን እኔ ከተቀበልኩበት ቀን ነው። ማመልከቻው ላይ የትኛውን ቁጥር እንደምንቃወም፣ ስንት እንዲሆን እንደምንፈልግና ምክንያቱን ለይተሽ ጻፊ። «ግብሩ በዝቷል» ብቻ ብትዪ አይቀበሉትም። የማንከራከርበትን 8,370 ብርም ቀድመን መክፈል አለብን፤ እሱ ካልተከፈለ ቅሬታው እንደቀረበ አይቆጠርም።

የሚያሳስበኝ ውክልናው ነው። የሰጠሽኝ ማከራየትና ኪራይ መቀበል ብቻ ነው የሚለው። ኤምባሲ ሄደሽ «በግብር ጉዳይ ቀርቦ እንዲከራከር፣ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ» የሚል አሠሪና ዋናውን ላኪልኝ። እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል፣ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬውኑ አንቺው የፈረምሽበት የማራዘሚያ ጥያቄ ጻፊ። ከአገር ውጭ መሆን በሕጉ በግልጽ የተጻፈ ምክንያት ነው። ቢፈቅዱ ግን የሚጨምሩት ከ10 ቀን አይበልጥም፤ ጥያቄውም 21ዱ ቀን ሳያልቅ መግባት አለበት።

የከፈልኩበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ አትጣዪው። አሜሪካም የዚህን ቤት ገቢ ማሳወቅ አለብሽ፤ እዚህ የከፈልሽውን ለማስቀነስ በፎርም 1116 ስትጠይቂ የሂሳብ ባለሙያሽ ይፈልገዋል።

ማመልከቻውን ከመላክሽ በፊት በስልክ አንብቢልኝ፣ ማታ እጠብቃለሁ።

አባትሽ