ሳትነግሪያቸው የሰው ስም አትስጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ቅዳሜ ፒያሳ ላይ የድሮ የስቶር ኃላፊሽን አገኘኋቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ "ልጅዎ ሥራ ልትቀይር ነው እንዴ? ከአዲስ አበባ ደውለው ስለ እሷ ጠየቁኝ፤ የምመልሰው ጠፋኝ" አሉኝ። ደነገጥኩ። ሲቪሽ ላይ ስለ ሥራሽ የሚመሰክሩ ብለሽ ሦስት ሰው ጽፈሽ ለአንዳቸውም ትንፍሽ አላልሽም ማለት ነው። ልጄ፣ ሳትነግሪያቸው የሰው ስም አትስጪ።

የተቆጣሁት በምክንያት ነው። ንብረት ክፍል ሳለሁ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወጣት ነበር። በየገጠሩ እየዞረ ገበሬ ሰብስቦ የሚያስተምር ሠራተኛ ሲፈለግ ተወዳደረ። የኔን ስም ሰጠ፤ ለኔ ግን አልነገረኝም። አዘዞ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ስልኬ ጠራ። ከድንኳኑ ወጥቼ አነሳሁት። "ምን ዓይነት ልጅ ነው?" አለችኝ ሴትዮዋ። ከልቤ አመሰገንኩት። "አንገቱን የደፋ ጨዋ ልጅ ነው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም" አልኳት። እኛ ዘንድ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እሷ ትንሽ ዝም አለችና አመስግናኝ ዘጋችው።

ሥራውን አላገኘም። ምን ሥራ እንደነበር የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚናገር ለሚፈልጉ ሰዎች ድምፁ አይሰማም አልኳቸው! ያ ልጅ እኮ በዓመታዊው ቆጠራ ሃያ የቀን ሠራተኛ አስተባብሮ ግምጃ ቤቱን በሁለት ቀን ያስጨረሰ ነው። አስቀድሞ ቢነግረኝ ይህን ነበር የማወራው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኘው ዓይኑን ማየት ይከብደኛል።

አሁን ያንቺን እንይ። የላክሽልኝን ማስታወቂያ ሁለቴ አነበብኩት። የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ ነው የሚሉት። ሦስት ነገር ይፈልጋሉ፦ ዕቃ አያያዝ፣ ሪፖርት፣ ወደ ወረዳ መውጣት። ሦስቱም ሰዎችሽ "ታታሪ ናት" ካሉ ምንም አላሉም። ለየአንዳንዳቸው በዓይናቸው ያዩትን አስታውሺያቸው። የስቶር ኃላፊሽ ቢን ካርዱና መደርደሪያው ላይ ያለው ቁጥር አልገጥም ሲል የገቢውን ሞዴል 19 እና የወጪውን ሞዴል 22 አገላብጠሽ ልዩነቱን ያገኘሽበትን ቀን ያውቃሉ። አማካሪ መምህርሽ የመመረቂያ ጽሑፍሽን እርማት ያውቃሉ፤ ስለ ሪፖርት እሳቸው ይናገሩ። ወረዳ አብራሽ የወጣችው ባልደረባሽ ስለ መስኩ ትናገር። ያላዩትን ግን እንዲሉ አትጠይቂ። አጎትሽንም አትጻፊ፤ "ምኗ ነዎት?" መባሉ አይቀርም።

መጀመሪያ ደውለሽ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ካቅማሙ አታስጨንቂያቸው፤ ሌላ ሰው ፈልጊ። እሺ ካሉሽ በኋላ ይህን የመሰለ አጭር መልእክት ላኪ፦

"ጋሼ፣ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። የሥራው መጠሪያ የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ ነው። ከድርጅቱ በዚህ ሳምንት ይደውሉልዎታል። በብዛት የሚጠይቁት ስለ ዕቃ አያያዝ ነው። የቢን ካርዱን ልዩነት ያገኘንበትን ጊዜ ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል። አብሬዎት የሠራሁት ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2016 ነው፤ ሲቪዬ ላይ በፈረንጅ 2021 እስከ 2024 ተብሎ ተጽፏል።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተያት። እሳቸው በኛ አቆጣጠር "በ2014 ነው የገባችው" ቢሉና ወረቀትሽ 2021 ቢል፣ ጠያቂው የዋሸሽ ይመስለዋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ ያለው የሥራ መደብም ከሲቪሽ ጋር አንድ መሆኑን ዛሬውኑ አመሳክሪ።

ማስታወቂያው ካልጠየቀ ስማቸውን ገና ስታመለክቺ አትበትኚው። "ሲጠየቅ ይቀርባል" ማለት ይበቃል። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ትሰጫለሽ፤ ያኔም ከመስጠትሽ በፊት ትነግሪያቸዋለሽ። ያሁኑን አለቃሽን ደግሞ ሥራ እየፈለግሽ መሆኑን ሳያውቁ ከጻፍሻቸው፣ ወሬውን ከሌላ ሰው አፍ ይሰሙታል። እንደሱ እንዳታደርጊ፣ የኔ እናት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለስቶር ኃላፊሽ ደውለሽ ይቅርታ ጠይቂ። ከአንድ ሰዓት በፊት ይሁን፤ በጊዜ ነው የሚተኙት። ከአዲስ አበባ የደወሉላቸው ሰዎች ምን እንደጠየቋቸውም ስሚ፤ ለሌሎቹ ሁለቱ ትነግሪያቸዋለሽ። ሥራው ቢሳካም ባይሳካም ውጤቱን ለሦስቱም አሳውቂ።

በርበሬና ሽሮ ነገ በአውቶቡስ እንልካለን። ሲደርስ የሚደውልልሽ ሹፌሩ ነው፤ ቁጥሩን አላውቀውም ብለሽ እንዳትዘጊበት።

አባትሽ፣ ከጎንደር