ትኩሳቱ ቢበርድም ወባው አልሄደም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ነፍሰ ጡሮች ትኩሳት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ተናድጃለሁ። «ፓራሲታሞል ወስዳ ሦስት ቀን ትጠብቅ፤ ካልተሻላት ሐኪም ጋ ትሂድ» ይላል። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ «ወባ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ የለም። አርባ ምንጭ ያለን ሴቶች አናረግዝም? ጋምቤላና መተማስ?

እኔ ሦስት ቀን መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ አንድ ቀን ማታ አንቀጠቀጠኝ። አማቴ በፍቅር ጋቢና ሁለት ብርድ ልብስ ደራረቡብኝ፣ መስኮቱንም ዘጉት። ስለካው 39.2 ሆነ። 38 ከደረሰ ትኩሳት ነው፤ የኔ አልፎት ሄዷል። ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ሁለት ፍሬ ዋጥኩ። ሌሊት አላበኝ፣ ጠዋት ቀለል አለኝ። በማግስቱ ልብስ ሁሉ አጠብኩ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና አንቀጠቀጠኝ። ልጄም እንደ ወትሮው መራገጡን ቀነሰ።

ጤና ጣቢያ ጣቴን ወግተው ደም ሲያዩ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ተገኘ። ይህ ወባ ብዙ ጊዜ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣው። ፓራሲታሞሉ ሙቀቱን እንጂ ወባውን አልነካውም። እናንተ ጠብቁ ያላችሁት ይህንኑ ነው! ፋልሲፓረም የተባለው ቢሆን ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር። እሱ እንግዴ ልጁ ውስጥ ይደበቃል፣ እናቲቱን ደም ያሳንሳል፣ ፅንሱንም ያቀጭጫል። ስለዚህ ወባ ባለበት አገር የምትኖር፣ ወይም ከዚያ በቅርቡ የተመለሰች ነፍሰ ጡር ትኩሳት ከያዛት በዚያው ቀን ትመርመር።

ሙቀቱን ማብረድ አያስፈልግም አላልኩም። ፓራሲታሞል ለነፍሰ ጡር ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ተወስዶ፣ ቀጣዩ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። ጋቢው ይገፈፍ፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ውኃ ይጠጣ። ግንባርና ብብት ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይታበስ። በቀዝቃዛ ውኃ ከሆነ ግን ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ራሱ ሙቀት ይጨምራል።

ጎረቤቴ «የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጊ፣ ቶሎ ያበርዳል» ብላኝ ነበር። እንኳንም አልሰማኋት። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከአምስት ወር እርግዝና በኋላ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱ፣ የሽርት ውኃውንም ሊቀንሱ ይችላሉ። ወሩ ሲገፋ ደግሞ ከልቡ አጠገብ ያለውን የደም ቧንቧ ያለጊዜው ሊዘጉት ይችላሉ። ይህንንም አልጻፋችሁትም።

ከትኩሳቱ ጋር ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከታየ፣ ምጥ ምጥ ካላት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ አእምሮዋን ከሳተች ወይም ልጁ መራገጡን ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ትወሰድ።

እርማቱን አውጡት። «ሦስት ቀን» ያላችሁበት ቦታ ላይ «ዛሬውኑ» ብላችሁ ጻፉ።

አንባቢያችሁ፣ ከአርባ ምንጭ