ለአቅራቢ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የቫት ምዝገባውን ስለ ማጣራት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጅማ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ማስታወቂያ ስናዘጋጅላችሁ፣ ከግዢ ደረሰኞቻችሁ መካከል የግብዓት ታክስ ተቀናሽ ልንጠይቅባቸው የማንችላቸው ይገኛሉ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ በመሆኑ፣ ከክፍያ በፊት ምን መታየት እንዳለበት በዚህ ደብዳቤ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ለምሳሌ ሂርማታ አካባቢ የሚሠራ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ኮምፖንሳቶና ማጠፊያ በ230,000 ብር ገዛ እንበል። ታክሱ 15 በመቶ ስለሆነ ከዚህ ውስጥ 200,000 ብሩ የዕቃው ዋጋ፣ 30,000 ብሩ ደግሞ ቫት ነው። ማምረቻው በዚያው ወር 300,000 ብር ሽያጭ አከናውኖ ከገዢዎቹ 45,000 ብር ታክስ ሰብስቦ ከሆነ፣ የከፈለውን 30,000 ብር ቀንሶ 15,000 ብር ብቻ ለመንግሥት ያስገባል። አቅራቢው ለቫት ያልተመዘገበ ከነበረ ግን በደረሰኙ ላይ የጻፈው 30,000 ብር በሕግ ፊት ታክስ አይደለም፤ ያልተመዘገበ ሰው ቫት ማስከፈል አይፈቀድለትምና። ስለዚህ ማምረቻው 45,000 ብሩን ሙሉ በሙሉ እንዲከፍል ይጠየቃል። ጉዳዩ በኦዲት ወቅት ዘግይቶ ከተገኘ ቅጣትና ወለድ ይከተላል፤ ነጋዴውን ፈልጎ ገንዘቡን ማስመለስም የገዢው ራስ ምታት ይሆናል።

ነጋዴው የምስክር ወረቀቱን ፎቶ በቴሌግራም ስለላከላችሁ ብቻ ማጣራቱ ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። ምዝገባው ከተሰረዘ በኋላም ፎቶው በስልክ ላይ ይቀራል፤ በፎቶው ላይ ያለው ስም ደግሞ ዕቃውን የሚሸጥላችሁ ሰው ስም ላይሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ትኩረት እንድትሰጡት የምንፈልገው ይህንን የስም ልዩነት ነው። አንድ ሰው በግሉ የንግድ ፈቃድ ኖሮት፣ ከዚያ ጎን ለጎን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል። ባለቤቱ አንድ ቢሆንም ግለሰቡና ማኅበሩ በሕግ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸውም ይለያያል። ለቫት የተመዘገበው ማኅበሩ ሆኖ ዋጋ ማቅረቢያው በግለሰቡ ስም ከመጣ፣ ወይም ገንዘቡን ወደ ግለሰቡ የባንክ ሒሳብ አስገቡ ከተባላችሁ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ክፍያውን አቆዩት።

በመሆኑም ዋጋ ማቅረቢያውን፣ የቫት ምዝገባ የምስክር ወረቀቱን፣ የንግድ ፈቃዱንና የባንክ ሒሳቡን ስም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ ስሙና ባለ አሥር አሃዙ መለያ ቁጥር በሚገኙበት ሁሉ አንድ መሆናቸውን አመሳክሩ። የንግድ ፈቃዱን በንግድ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ etrade.gov.et ላይ በመለያ ቁጥሩ መፈለግ ይቻላል። ሆኖም የታደሰ ፈቃድ ያለው ሁሉ ለቫት የተመዘገበ እንዳልሆነ ልብ በሉ። የቫት ምዝገባው ዛሬም የጸና መሆኑን ማረጋገጥ የሚችለው አቅራቢው የተመዘገበበት የግብር ጽሕፈት ቤት ነው። ከአዲስ አቅራቢ ጋር ስትሠሩ፣ ወይም ከነባሩ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ሳትገናኙ ቆይታችሁ ከፍ ያለ ግዢ ስትፈጽሙ፣ መለያ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ላኩልን፤ እኛ እንጠይቅላችኋለን። የተሰጠንን መልስ ቀኑን ጽፈን ከግዢ ሰነዳችሁ ጋር እናያይዘዋለን፤ በኋላ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ግዢው በተፈጸመበት ቀን ምዝገባው የጸና ስለመሆኑ ነውና።

ደረሰኙም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የወጣው ደረሰኝ የሻጩን ስምና መለያ ቁጥር፣ የእናንተንም ስምና መለያ ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የታክሱን መጠንና ቀኑን መያዝ አለበት። የገዢው መለያ ቁጥር ያልገባበት ደረሰኝ፣ ሻጩ በትክክል የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ ለተቀናሽ አያስተማምንም። ዕቃው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሲመጣና ደረሰኙ በሾፌር እጅ ሲላክ ይህ ጉድለት ይበዛል፤ ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የደረሰኙ ፎቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ።

ምዝገባው ካልተረጋገጠ፣ ስምምነታችሁን «200,000 ብር ሲደመር ቫት» በሚል ጻፉና ታክሱን ትክክለኛ ደረሰኝ ሲቀርብ ብቻ ክፈሉ። አቅራቢው አለመመዝገቡን ካመነ በ200,000 ብር መግዛት ትችላላችሁ፤ ጥያቄው ዋጋው ለእናንተ ያዋጣል ወይ የሚለው ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው «ታክሱ ዋጋው ውስጥ ነው» በሚል የቃል ስምምነት 230,000 ብር ከከፈላችሁ፣ ታክሱን ለይታችሁ ለማስመለስ የምታቀርቡት ማስረጃ አይኖራችሁም።

በዚህ ወር ክፍያቸው ያልተፈጸመ የአቅራቢዎች ዋጋ ማቅረቢያ በእጃችሁ ካለ፣ ገንዘቡን ከማስተላለፋችሁ በፊት ከምስክር ወረቀቱ ቅጂ ጋር ወደ ቢሯችን እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሒሳብና የግብር አገልግሎት ክፍል