“30 በመቶ” የተባለው የትርፍ ድርሻ የምን 30 በመቶ ነው?

የአክሲዮን ሽያጭን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጽፌ ቢሮዎ አስገብቻለሁ። በሁለቱ ግልባጭ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም አርፎበታል፤ ሦስተኛውን የተቀበሉኝ ሠራተኛ “ይጠሩዎታል” ብለውኝ ነበር። የጠራኝ የለም። ስለዚህ አቤቱታዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አደረግሁ።

ታላቅ እህቴ በጡረታ ስትወጣ ያጠራቀመችውን 500,000 ብር ይዛ ቸርችል ጎዳና ላይ ወደነበረ የአክሲዮን ሽያጭ ቢሮ ሄደች። በሩ ላይ “ባለፈው ዓመት 30 በመቶ የትርፍ ድርሻ ከፍለናል” የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። እህቴ አስላችው፤ በዓመት 150,000 ብር። ለልጅ ልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ይበቃል አለችና 200 አክሲዮን ገዛች። በተከታዩ ሙሉ ዓመት የደረሳት 18,000 ብር ነው። “ወንድምዬ፣ የተሳሳትኩት ሒሳብ ነው እንዴ?” ብላ ወረቀቶቹን ሰጠችኝ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። የተሳሳተችው ሒሳብ አልነበረም።

የአንዱ አክሲዮን የተመዘገበ ዋጋ 1,000 ብር ነው። ለእህቴ የተሸጠላት ግን 1,500 ብር ፕሪሚየም ተጨምሮበት በ2,500 ብር ነው። የተከፈለው የትርፍ ድርሻ 300 ብር ስለነበር ከ1,000 ብሩ አንጻር 30 በመቶ፣ ገዢው ከኪሱ ካወጣው 2,500 ብር አንጻር ደግሞ 12 በመቶ ይሆናል። ማስታወቂያው የቱን እንደሚናገር የሚገልጽ አንድ ቃል አልነበረበትም። ይህን እርስዎ ሳያውቁት ቀርተው ነው ብዬ አላምንም።

የባሰው ግን ሌላ ነው። እርግጥ 12 በመቶም ቢሆን በየዓመቱ ከዘለቀ መልካም ነበር። የኦዲት ሪፖርቱን ገልጬ ሳየው ኩባንያው በዚያ ዓመት በአንድ አክሲዮን 320 ብር አትርፏል፤ 300 ሲያከፋፍል ከትርፉ 94 በመቶውን ማለት ነው። ወደ ሒሳቡ ማብራሪያ ስገባ ከ320 ብሩ ውስጥ 180 ብሩ አንድ አሮጌ መጋዘን ተሽጦ የተገኘ ሆኖ አገኘሁት። መጋዘን ሁለት ጊዜ አይሸጥም። ከመደበኛው ሥራ የተገኘው ትርፍ 140 ብር ብቻ ስለሆነ፣ የተከፋፈለው ገንዘብ ሥራው ካስገኘው ከእጥፍ በላይ ነበር። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ለአዲስ ማሽን አንድ ብር እንዳልወጣ ያሳያል፤ ማሽኖቹ ግን በመዝገብ ላይ እንኳ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል።

ኩባንያው 100,000 አክሲዮን አለው። የመጋዘኑን 180 ብርና ከመደበኛው ትርፍ 60 ብር አስቀርቶ ቢሆን ኖሮ 24 ሚሊዮን ብር በእጁ ይኖር ነበር፤ ማሽኖቹን መለወጥ ይችል ነበር። ያኔ ግን የትርፍ ድርሻው 80 ብር ስለሚሆን በሩ ላይ የሚለጠፈው “8 በመቶ” ነበር። አዲሱን አክሲዮን በ2,500 ብር ማን ይገዛው ነበር? ገንዘቡ ለምን ተጠራርጎ እንደተከፋፈለ ለእኔ ግልጽ ነው።

በተከታዩ ዓመት ማሽኖቹ ደጋግመው ቆሙ። ትርፉ ወደ 100 ብር ወረደ፤ የትርፍ ድርሻው 90 ሆነ። ያም እንደገና ከትርፉ ዘጠና በመቶ ነው፤ ለማሽን የተረፈ ነገር የለም። እህቴ ካወጣችው ገንዘብ አንጻር 3.6 በመቶ አገኘች።

አሁን ይህ አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ 1,100 ብር ነው የሚያወጣው። 90 ብሩን ለ1,100 ሲያካፍሉት 8 በመቶ ይበልጣል፤ ነገ ሻጩ “ከፍተኛ የትርፍ ድርሻ” ብሎ ሊለጥፈው ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ዋጋው ስለወደቀ እንጂ ኩባንያው ስለተሻለ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ስለጀመረ፣ ዋጋ በየጊዜው ሲወጣና ሲወርድ እንዲህ ያለው ቁጥር በብዛት ይመጣል።

ትርፉን በሙሉ የሚያከፋፍል ሁሉ አጥፊ ነው አልልም። ማስፋፊያ የሌለው፣ ንብረቱ በደህና የቆመ ድርጅት ትርፉን ለባለቤቶቹ ቢሰጥ ተገቢ ነው። ትርፍ አስቀርቶ በማይረባ ሕንፃ ላይ የሚያፈስ ቦርድም አይቻለሁ። እኔ የምጠይቀው ገዢው እንዲያውቅ ነው፦ መቶኛው ከሚሸጥበት ዋጋ አንጻር ይነገር፤ ከመደበኛው ሥራ የመጣው ትርፍና ከንብረት ሽያጭ የመጣው በማስታወቂያው ላይ ተለይተው ይጻፉ።

እህቴ በየወሩ መጀመሪያ “መልስ መጣ?” ትለኛለች። የማመልከቻዎቹ ግልባጮች፣ የኦዲት ሪፖርቱና የማስታወቂያው ፎቶግራፍ በአንድ ፋይል ተሰድረው እኔ ዘንድ ናቸው። ቀን ይቁረጡልኝ፤ ከእህቴ ጋር ይዘን እንመጣለን።

አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አራት ኪሎ