«አብሽሩ» ቀን የለውም

ለአዘጋጁ፦

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዝ ሲዘገይ ግድግዳ ላይ ስለምትለጠፈው ወረቀት ትንሽ ልበል። ብዙ አሠሪ እንደ ይቅርታ መጠየቂያ ነው የሚያያት። እኔ ግን የዕዳ ሰነድ ናት ባይ ነኝ። ስትጻፍም እንደዚያው መጻፍ አለባት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ድርጅታችን ብር አጠረው። ጠረጴዛና ወንበር የተረከቡን ደንበኞች ገና አልከፈሉም። እንጨትና ላሜራው ግን እጅ በእጅ ነው የሚገዛው። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያስለጠፈው እንዲህ ይላል፦ «በተፈጠረው የጥሬ ገንዘብ እጥረት ምክንያት የኅዳር ወር ደመወዝ የሚዘገይ መሆኑን እየገለጽን፣ በትዕግሥት እንድትጠባበቁን በአክብሮት እናሳስባለን።» ቀን የለው፣ መጠን የለው። ሰው ሲጠይቀው ደግሞ «አብሽሩ፣ ይገባል» ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን አከራይ በ«አብሽር» አይሸኝም፤ የዕቁብ ሰብሳቢም እንደዚያው። ለምሳ ስንወጣ «ሊዘጋ ነው» የሚለው ወሬ ግቢውን ሞልቶታል። አንድ ጎበዝ በያጅ ሌላ ቦታ ሥራ ማፈላለግ ጀመረ።

ሁለተኛውን ማስታወቂያ አብረን ቁጭ ብለን ጻፍነው። የ30 ሠራተኛ የተጣራ ደመወዝ 300,000 ብር ነው። ባንክ ያለው 120,000 ብቻ። ቀላሉ ነገር ለሁሉም 40 በመቶ መስጠት ነበር። እኩል ይመስላል። ግን 5,000 ብር የሚያገኝ ጥበቃ በ2,000 ብር ኪራይ ይክፈልበት ወይስ አስቤዛ ይግዛበት? ስለዚህ ዝቅተኛ ደመወዝ ላላቸው 12 ሰዎች ሙሉውን ከፈልን። 60,000 ብር ወሰደ። የቀረው 60,000 ለ18ቱ ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው የደመወዛቸው ሩብ ሆነ። ሥራ አስኪያጁም እኔም ከእነዚህ ከ18ቱ ውስጥ ነን። ይህንን ለሠራተኛው በግልጽ መንገሩ ብዙ ሐሜት አስቀርቷል።

ቀኑን ማውጣት ከዚህ ይከብዳል። ሥራ አስኪያጁ «በ15 ቀን ውስጥ እንበላቸው» አለ። ከየት የሚመጣ ብር ነው ስለው መልስ አልነበረውም። የክፍያ ቀን ከሚገባ ብር ጋር ካልታሰረ ምኞት ነው። አንድ ደንበኛ ታኅሣሥ 8 ቼክ እንደሚሰጠን በጽሑፍ አረጋግጦልናል። ቼኩ ተመንዝሮ ሒሳባችን እስኪገባ ጥቂት ቀን ጨመርንና ታኅሣሥ 12 አልን። ሌላው ደንበኛ ታኅሣሥ 20 ይከፍላል፤ ለእሱም ታኅሣሥ 24 አልን። ከገና በዓል በፊት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርስበትን ቦታ ልጠቁም። አሠሪው ያለፈውን ወር ዕዳ ሲያከፋፍል፣ ታኅሣሥ 30 የታኅሣሥ ደመወዝ እንደሚደርስ ይረሳዋል። ለውዝፉ የመጣውን ብር ይከፍልና ወሩ ሲያልቅ ካዝናው ባዶ ይሆናል። ያኔ ሌላ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የሚያምነው ግን የለም። እኛ የሚቀጥለውንም ወር አብረን አስገባነው። ወረቀቱ ላይ የወጣው ይህ ነው፦

«የኅዳር ወር ደመወዝ ኅዳር 30 ሙሉ በሙሉ መክፈል አልቻልንም። ለ18 ሠራተኞች ያልተከፈለው 180,000 ብር የድርጅቱ ዕዳ መሆኑን እናረጋግጣለን። ታኅሣሥ 12 የደመወዛችሁ ግማሽ፣ ታኅሣሥ 24 የቀረው ሩብ በባንክ ሒሳባችሁ ይገባል። የታኅሣሥ ደመወዝ በታኅሣሥ 30 ፈንታ ጥር 8 ይከፈላል። ቀን የሚለወጥ ከሆነ ከሦስት ቀን በፊት አዲሱን ቀን እናሳውቃለን።»

ከሥሩ ፊርማ፣ ማህተምና ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ። የተጣራ ደመወዙ 12,000 የሆነ ማሽን ሠራተኛ 3,000 ወስዷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 6,000፣ ታኅሣሥ 24 ደግሞ 3,000 ያገኛል። ወረቀቷን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዕቁብ ሰብሳቢው አሳየ። የዕጣ ተራውን ሳያጣ መዋጮውን በቀን አሸጋሸጉለት። ያለ ቀን ይህ አይሆንም ነበር። በያጁም አልሄደም።

ሁሉም ነገር ሰመረ እያልኩ አይደለም። የመጀመሪያው ደንበኛ ከገባው ቃል ግማሹን ብቻ ሰጠ። ታኅሣሥ 9 ጠዋት አዲስ ወረቀት ለጠፍን፦ ታኅሣሥ 12 በግማሹ ፈንታ ሩብ፣ ሌላው ሩብ ታኅሣሥ 17። ሰው አጉረመረመ። ግን ቀኑ አልፎ ሳይሆን ቀድሞ ስለሰማ ሥራ አልቆመም። ታኅሣሥ 17ም፣ 24ም ብሩ ገባ።

አሁን ለሠራተኛው ወገን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ክሱ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። የኅዳር 30 ደመወዝ ሳይከፈል፣ ሠራተኛው «ዛሬ ነገ» ሲባል ግንቦት ካለቀ፣ ፍርድ ቤት ሲሄድ አሠሪው ይርጋ ሊያነሳበት ይችላል። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ ግን ይርጋው ይቋረጣል፤ ቆጠራውም እንደገና ይጀምራል። «የድርጅቱ ዕዳ መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር የገባው ለዚህ ነው። «በትዕግሥት ጠብቁን» የሚለው ግን ምን ያህል ዕዳ እንዳለ፣ ለማን እንደሆነ አይናገርም። አንድ ገደብም አለው። አሠሪው ዕዳውን በማመኑ ይርጋ የሚቋረጠው በድምሩ ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። አራተኛው «እንከፍላለን» ወረቀት አያድንም። ሠራተኛው ከዚያ በፊት መክሰስ አለበት። የግድግዳ ወረቀት ይቀደዳል፣ ዝናብም ይበላዋል። ፎቶውን ማንሳት አይዘንጋ፤ የሚሰጡት ከሆነ ማህተም ያለበት ቅጂ ይያዝ።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ፈርቶት ነበር። «ራሴን አሳልፌ ልስጥ?» አለኝ። ዕዳው ግን ቢጻፍም ባይጻፍም አለ። ፔሮሉ ላይ ቁጭ ብሏል።

ስለ ፔሮል ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚጎዳበት እዚያ ነው። በከፊል ሲከፈል ሠራተኛው የሚፈርመው ሙሉው ደመወዝ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ይሆናል። «ችግር የለም፣ ፎርማሊቲ ነው» ይባላል። ሕጉ ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው ቀሪውን መብቱን ተወ አይልም። ግን ከስድስት ወር በኋላ 12,000 ተብሎ የተፈረመበት ወረቀት ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ «የደረሰኝ 3,000 ነው» ብሎ ማስረዳት ላብ ያስወጣል። እኛ ለእያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው ፔሮል አዘጋጀን፤ ጠቅላላው፣ ዛሬ የተከፈለው፣ የቀረው በየዓምዱ። የተለየ ወረቀት የማያወጣ ድርጅት ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከፊርማው አጠገብ «የተቀበልኩት 3,000 ብር» ብሎ ቀኑን ይጻፍ። ገንዘብ ያዡ ካልፈቀደለት ክፍያው በባንክ እንዲሆን ይጠይቅ፤ የባንክ መግለጫው የገባውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ